ሲሾም ያልበላ፡ የባሶው ቀራጭ ለምን በላ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» ይህን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሌብነታችን ነው። «እኛ እኮ እንዲህ ነን» ብለን አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን። ዛሬ ግን እስቲ ተረቱን እንደ ውል አንቀጽ እናንብበው። ሲሾም፣ ሲሻር፣ ይቆጨዋል። የሥራ መጀመሪያ፣ የሥራ መጨረሻ፣ በመካከሉ ደግሞ ሒሳብ። ተረቱ የሚናገረው ስለ ሰውዬው ጠባይ ሳይሆን ሰውዬው ስለተቀጠረበት ሁኔታ ነው ብለን እንከራከራለን። ለዚህም ምስክር የምናቆመው አንድ የጎጃም ገበያ ነው።

ገበያው ይጁቤ ነው። ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ መቆልቆል ከመጀመሩ በፊት ትገኛለች። አሁን ወደ ይጁቤ የሚሄድ ሰው ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው የሚያየው። የዛሬ መቶ ሰማኒያ ዓመት ግን የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ስሟን የሚጽፉት «የባሶ ገበያ» እያሉ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ያለው የኦሮሞ ምድርና የሰሜኑ አገር የሚገናኙበት ትልቁ ገበያ።

<b>ባሶ ገበያ፣ በዘመነ መሳፍንት</b>

እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ጎጃም ውስጥ፣ ከዚሁ ገበያ አቅራቢያ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው የጂኦግራፊ አጥኚ ቢሆንም የንግድ ነገር አብዝቶ የሚገደው ነበርና ስለ ባሶ ገበያ ብዙ ጽፏል። ከእርሱና በዘመኑ ከነበሩ ሌሎች ተጓዦች የምንረዳው መንገድ እንዲህ ይመስላል። ከምጽዋ የተነሣ ሸቀጥ በዓድዋና በጎንደር አድርጎ ጎጃም ይገባል፤ ባሶ ይደርሳል። ከባሶ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ገበያ ይወጣል። ከዚያም በጅቤ ወንዞች አካባቢ ወዳሉት መንግሥታት፣ በተለይም አባ ባጊቦ ወደሚገዛው ወደ ሊሙ እናርያ ይዘልቃል።

ወደ ደቡብ የሚወርደው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ነው። ወደ ሰሜን የሚወጣው ደግሞ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድ፤ ከሁሉም በላይ ልብ የሚሰብረው፣ ሰው ነው። በባርነት የተያዙ ሴቶች፣ ወንዶችና ሕፃናት በዚያ ገበያ ከቡናና ከጨው ጋር ይሸጡ ነበር። የገበያውን ታሪክ የሚናገር ሁሉ ይህን ዘሎ ሊያልፍ አይገባም።

አሞሌው ራሱ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ከአፋር የጨው ምድር እየተቆረጠ ሲነሣ ርካሽ ነው፤ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየተወደደ ይሄዳል። የንግዱም ትርፍ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ግን ልዩነቱ ሁሉ ለነጋዴው አይደርሰውም። በየመንገዱ፣ በየወንዙ መሻገሪያ፣ በየገበያው በር ኬላ አለ። ኬላው ላይ ቀራጭ ተቀምጧል፤ ቀራጩ በየጭነቱ ይቀርጣል። ቀራጩ ግን ለራሱ አልተቀመጠም። ያስቀመጠው የአገሩ ገዥ ነው። የእኛ ጉዳይም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ገዥው ባለቤት ነው፣ ቀራጩ ወኪል ነው።

<b>የማያይ ባለቤት</b>

በጊዜው የጎጃምና የዳሞት ትልቁ ሰው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ነበሩ። እስቲ ራሳችንን በደጃች ጎሹ ቦታ እናስቀምጥ። ባሶ ገበያ የእርስዎ ነው፤ ቀረጡም የእርስዎ ነው። ግን ዛሬ ስንት በቅሎ ጭነት አለፈ? ስንቱ ቡና፣ ስንቱ ጨው ነበር? ከነጋዴው ልብስ ሥር ስንት ወቄት ወርቅ ተሸሽጎ ነበር? አያውቁም። እርስዎ ወይ ዘመቻ ላይ ነዎት፣ ወይ ሌላ አውራጃ ሰፍረዋል፣ ወይ ከራስ ዓሊ ጋር እየተጣሉና እየታረቁ ነው። የሚያውቀው ኬላው ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ የነገረዎትን ያህል ነው የሚያውቁት።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት «የባለቤትና የወኪል ችግር» የሚሉት ይህንኑ ነው። ወኪሉ ክፉ ስለሆነ የሚመጣ ችግር አይደለም። ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ይመጣል፤ አንደኛ የሁለቱ ጥቅም አንድ ሳይሆን ሲቀር፣ ሁለተኛ ወኪሉ የሚያየውን ባለቤቱ ማየት ሳይችል ሲቀር። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ጥቅማቸው ቢለያይም ባለቤቱ ሁሉን የሚያይ ከሆነ ይቆጣጠራል። ባያይም ጥቅማቸው አንድ ከሆነ ተኝቶ ያድራል።

ታዲያ ደጃች ጎሹ ምን ማድረግ ይችላሉ? «ተቆጣጣሪ ይላኩ» ይባል ይሆናል። መልካም፤ ተቆጣጣሪውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? ተቆጣጣሪው ኬላው ጋ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ከቀራጩ ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል። ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው በሰው ብዛት ሳይሆን በውሉ ዓይነት ነው። የውሉ ዓይነት ደግሞ በመሠረቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ደመወዝ ነው። ቀራጩ በወር ይህን ያህል ይከፈለዋል፤ የሰበሰበውን ሁሉ ያስገባል። ሁለተኛው ድርሻ ነው። እንደ እኩል አራሽ፣ ከሰበሰበው እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ይወስዳል። ሦስተኛው ቁርጥ ነው። ቀራጩ ለገዥው የተቆረጠ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ሁሉ የራሱ ነው፤ ከዚያ በታች ከመጣም ኪሣራው የራሱ ነው።

በዚያ ዘመን በአገራችን የገበያና የኬላ ሹመት በብዛት የሚያዘው በሦስተኛው መንገድ፣ በቁርጥ ነበር። ነጋድራሱ ሹመቱን በገንዘብ ይይዛል፣ ለሿሚው የተስማማበትን ያስገባል፣ የቀረውን ይበላል። «ይበላል» ስንል ስድብ አይደለም። ውሉ ራሱ ብላ ይለዋል።

<b>ነገሩን ታክሲ ላይ እንየው</b>

ቁርጥ የጥንት ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ይሳፈር። የታክሲው ባለቤት ሾፌሩን ብዙ ጊዜ በደመወዝ አይቀጥርም። «በቀን ይህን ያህል ገቢ አስገባ» ይለዋል። ነዳጁን ችሎ፣ ረዳቱን ከፍሎ፣ ገቢውን አስገብቶ የተረፈው የሾፌሩ ነው። ባለቤቱ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ስንት ሰው እንደተጫነ ማየት ስለማይችል ነው። ደመወዝ ቢከፍለው ሾፌሩ ጥላ ሥር ቆሞ ሊውል ይችላል። በድርሻ ቢያደርገው «ዛሬ ሰው የለም» ይለዋል። በቁርጥ ሲያደርገው ግን የሾፌሩን ቀን መቁጠር አያስፈልገውም። ሾፌሩ ራሱ ከንጋት ጀምሮ ይሮጣል።

ግን የሚሮጠው በማን ሞተር ነው? በባለቤቱ ሞተር። ፍሬኑ ቢያልቅ፣ ሞተሩ ቢሞቅ፣ ከልክ በላይ ተጭኖ ባሌስትራው ቢሰበር፣ ሾፌሩ ነገ ሌላ ታክሲ ይይዛል። ቁርጥ ስንፍናን ያድናል፤ ንብረትን ግን አያድንም። ወኪሉ የዛሬውን ገቢ ሁሉ የራሱ ስላደረገው ይተጋል። የነገውን ንብረት የራሱ ስላላደረገው ደግሞ ይጨርሰዋል።

የባሶ ገበያ ሞተር ነጋዴው ነው።

<b>ሒሳቡ</b>

እንግዲህ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት እኛው የገመትናቸው ናቸው፤ ከሰነድ የተገኙ አይደሉም። አንድ ቀራጭ ኬላውን በዓመት 600 የማርያ ትሬዛ ብር ያዘ እንበል። የተለመደው ቀረጥ በጭነት አንድ ብር ነው፤ በዓመት 1000 ጭነት ያልፋል። በተለመደው ከሠራ 1000 ብር ይሰበስባል፣ 600 ያስገባል፣ 400 ይተርፈዋል። ሦስት ዓመት እንዲህ ቢሠራ 1200 ብር አለው።

አሁን ቀረጡን ሁለት ብር ያድርገው። በመጀመሪያው ዓመት ብዙው ነጋዴ አልሰማም፤ የሰማውም ሸቀጡን ጭኖ መንገድ ላይ ነውና ወደ ኋላ አይመለስም። 800 ጭነት ያልፋል እንበል። 1600 ብር ሆነ፤ 600 አስገብቶ 1000 ብር ይተርፈዋል። በሁለተኛው ዓመት ወሬው ጎንደርም አሰንዳቦም ደርሷል። ነጋዴው ሌላ መሻገሪያ ይፈልጋል፣ በሌሊት ያልፋል፣ አንዳንዱም ንግዱን ይተዋል። 350 ጭነት ብቻ መጣ። 700 ብር ሰብስቦ 100 ብር ተረፈው። በሦስተኛው ዓመት 200 ጭነት ቀረ፤ 400 ብር ሰበሰበ፤ ቁርጡን ለመሙላት 200 ብር ከኪሱ ጨመረ። የሦስት ዓመት ድምሩ 900 ብር ነው።

ስለዚህ ሦስት ዓመት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ቀራጭ አንድ ብር ይቀርጣል፤ 1200 ከ900 ይበልጣልና። የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ እንዳለው የሚጠረጥር ቀራጭ ግን ሁለት ብር ይቀርጣል፤ 1000 ከ400 ይበልጣልና። ሰውየው አንድ ነው። ጠባዩም፣ ሃይማኖቱም፣ አስተዳደጉም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሻርበት ቀን ነው።

ተረታችንም እዚህ ላይ ትርጉሙን ያገኛል። ሳይበላ የሚሻር ሰው የሚቆጨው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገበያውን ጠብቆ ያቆየበትን ፍሬ የሚበላው የሚተካው ሰው ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያልወሰደው 600 ብር የነገው ተሿሚ ሲሳይ ነው። በሹም ሽር አገር መታገሥ ለጠላት ማስቀመጥ ማለት ነው።

በሒሳቡ ውስጥ ገዥውም አለ። በአራተኛው ዓመት ያንን ኬላ በ600 ብር የሚይዝ ሰው አይገኝም። 200 ጭነት በሚያልፍበት ኬላ ማን 600 ብር ያወጣል? ገዥው በመጀመሪያ ያልከሰረ ይመስለዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ 600 ብሩ ሳይጎድል ገብቶለታልና። ኪሣራው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የበላውም ሰው በዚያን ጊዜ የለም።

<b>ለምን ረጅም ዘመን አልሾሟቸውም?</b>

«እንዲያ ከሆነ ቀራጩን ለአሥር ዓመት መሾም ነዋ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን ሁለት ነገሮች ያደናቅፉታል።

አንደኛው የገዥው ዓይን ነው። ቀራጩ በዓመት 400 ብር እንደሚያተርፍ ገዥው የሰማ ቀን ቁርጡን 900 ያደርገዋል፤ ወይም 900 እከፍላለሁ ለሚል ሌላ ሰው ይሰጠዋል። ቀራጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገበያው በሞቀ ቁጥር «ዘንድሮ ገበያው ሞቷል» ይላል። ሀብቱን ይደብቃል፣ ቁጥሩን ይደብቃል፣ በጎ ዘመን እንደመጣ አያሳይም። ባለቤቱ ከቁርጥ ውል የፈለገው መቁጠርን ለማምለጥ ነበር፤ አሁን ግን ቁርጡ ስንት መሆን እንዳለበት ለማወቅ መልሶ መቁጠር ፈለገ።

ሁለተኛው ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። ገዥው ራሱ ተሿሚ ነው። የዘመነ መሳፍንት ደጃዝማች አገሩ ነገ በእጁ ይኑር አይኑር አያውቅም። ደጃች ጎሹን ራሳቸውን እንይ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊ በካሣ ኃይሉ ላይ አዘመቷቸው፤ ጉር አምባ ላይ ተዋግተው ወደቁ። ካሣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑት ናቸው። በእንዲህ ያለ ዘመን የሚኖር ሿሚ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚደልብ ገበያ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው ለዘንድሮው ዘመቻ ጠመንጃና ስንቅ የሚገዛበት ቅድሚያ ብር ነው። ቁርጥ ደግሞ ይህንኑ ይሰጠዋል። ቀራጩ ነጋዴውን የሚበላው ገዥው ቀራጩን ስለሚበላ፣ ገዥው ቀራጩን የሚበላው ጊዜ ገዥውን ስለሚበላው ነበር።

ለመሆኑ ባሶ ገበያን የገደለው ይህ ነው? አይደለም፤ ነገሩን ማጋነን አንፈልግም። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ ማዶ ለነበረው ሀብት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ድሉ የምኒልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ እየዋለ እያደረ ወደ ሸዋ አዘነበለ። በመጨረሻም አዲስ አበባና የጂቡቲው ባቡር ጠቀለሉት። የባሶን ዕጣ የወሰነው ጦርና መንገድ ነው። የቀረጡ ውል ያደረገው ገበያው በሕይወት እያለ ከሚሰጠው ያነሰ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

<b>የውስጥ አዋቂው ነጋድራስ</b>

ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት የተረዳ ሰው ነበር፤ እርሱም ነጋድራስ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ያቀረባቸውን የለውጥ ሐሳቦች ስናይ ሁለቱ ከእኛ ጉዳይ ጋር ይገጥማሉ። አንደኛው የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ሹምና ወታደር ከሕዝቡ እየበላ ከሚኖር ከመንግሥት ደመወዝ ይቆረጥለት የሚለው ነው። በሞተ በአምስተኛው ዓመት በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ ደግሞ ስለ አገር ውስጥ ንግድና ስለ ጉምሩክ ደጋግሞ ያነሣል።

ገብረ ሕይወት የጠየቀው ከቁርጥ ወደ ደመወዝ እንድንሻገር ነው። ደመወዝ ግን በራሱ መድኃኒት አይደለም። ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ያው ቀራጭ አሁን ደመወዝተኛ ሆነ፤ ቀረጡ በጭነት አንድ ብር ነው። ነጋዴው ጠጋ ብሎ «ለመንግሥት አንድ ብር ከምከፍል ለአንተ ግማሽ ብር ልስጥህ፤ አላየሁህም በለኝ» ይለዋል። ነጋዴው ግማሽ ብር ተረፈው፣ ቀራጩ ግማሽ ብር አገኘ፣ የተጎዳው እዚያ የሌለው ባለቤት ብቻ ነው። በቁርጡ ዘመን ቀራጩና ነጋዴው ጠላቶች ነበሩ። በደመወዙ ዘመን ወዳጆች ሆኑ።

ደመወዝ የሚሠራው መቁጠር ሲቻል ነው። ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ አንዱ ቅጂ ለነጋዴው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤቱ፤ በሚቀጥለው ኬላ ላይ የሚመሳከር። በመጀመሪያው ኬላ 40 ጭነት ተብሎ ተመዝግቦ በሁለተኛው 70 ጭነት ከተቆጠረ 30 ጭነት ማን እንደበላው ይታወቃል። ሁለቱ ቀራጮች እንዳይመሳጠሩ ደግሞ ለየብቻ መሾም፣ ለየብቻም ሒሳብ መቀበል ያስፈልጋል። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው፣ ወረቀት፣ የማይቋረጥ ደመወዝ ያሻል። ደጃች ጎሹ ቁርጥን የመረጡት ሞኝ ስለነበሩ አይደለም። መቁጠሪያ ስላልነበራቸው ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ምልክት እናገኛለን። ወኪሉ በምን ዓይነት ውል እንደሚበላ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደንበኛውን አድምጡ። ደንበኛው የሚጮህ ከሆነ ወኪሉ የሚበላው ከደንበኛው ነው፤ ውሉ ቁርጥ ነው። ደንበኛው ደስ ብሎት ዝም ካለ፣ ካዝናው ደግሞ ባዶ ከሆነ፣ ወኪሉ የሚበላው ከባለቤቱ ነው፤ ውሉ ደመወዝ ነው።

<b>በ1960 ዓ.ም. የተሰማው ጩኸት</b>

ይህ ምልክት አንድ ጊዜ እዚያው ጎጃም ላይ የተሳሳተ ይመስላል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አስራትን በእርሻ ገቢ ግብር የሚተካ አዋጅ አወጣ። በወረቀት ላይ አዋጁ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት እንዲከፍል። ገማቾቹም እንደ ባሶው ቀራጭ ቁርጥ ከፍለው የመጡ አልነበሩም። በእኛ ምልክት መሠረት ገበሬው ዝም ማለት ነበረበት። ገበሬው ግን ጮኸ፤ ቢቸናና ሞጣን የመሳሰሉ አካባቢዎች ገማቾችን አናስገባም ብለው ሸፈቱ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ።

ለምን? ብዙዎች «ገበሬው አዋጁ ስላልገባው ነው» አሉ። እኛ ደግሞ በደንብ ገብቶታል እንላለን። አዋጁ ግብሩን ያሠረው በገቢ ላይ ነው። ገቢው የሚታወቀው በግምት ነው። ግምቱ ያለው በገማቹ እጅ ነው። ገበሬው መዝገብ የለውም፤ «ዘንድሮ ያገኘሁት ስምንት ጫን እንጂ አሥራ ስድስት አይደለም» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ዝቅ ያለ ግምት የሚፈልግ ገማቹን ደጅ መጥናት ሊኖርበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሆነው የማሩትን ገማቹ ጎጃም ላይ መልሶ ሊወስደው ይችላል። የባለቤቱ ቃል የሚያወጣው ዋጋ ወኪሉ የሚያወጣውን ያህል ነው። በጠቅላይ ገዥው አስተዳደር ላይ ብሶት የቋጠረ ገበሬ ደግሞ ወኪሉ ስንት እንደሚያወጣ ከልምድ ያውቃል።

በዚያ ላይ መሬት አለ። ገማች ሲመጣ መለካት ይከተላል፣ መለካት ሲመጣ ርስት ይነቃነቃል የሚል ሥጋት ነበር። እዚህ ላይ በገበሬውና በባሶው ነጋዴ መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። ነጋዴው ቀረጡ ሲበዛበት በቅሎውን ነድቶ ሌላ መሻገሪያ ይፈልጋል፤ ቀራጩን ልክ የሚያስገባው ይህ መሸሽ ነው። ርስት ግን በበቅሎ አይጫንም። ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ወኪሉ መብላት ከጀመረ በኋላ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ፣ የሚጮኸው ወኪሉ ሳይገባ በፊት ነው። ምልክታችንም የተሳሳተ የመሰለው ለዚህ ነው። የጎጃም ገበሬ የጮኸው በተበላው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሊመጣ ባለው ውል ላይም ነበር።

እንግዲህ ተረቱን መልሰን እንስማው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ሰው ስለ ሦስት ነገሮች እየነገረን ነው። ሹመቱ በገንዘብ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ወጪው መመለስ አለበት። መሻሪያው ቀን አይታወቅም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ መመለስ አለበት። ስንት እንደሰበሰበ የሚቆጥር የለም፤ ስለዚህ መመለስ ይቻላል። ከሦስቱ አንዱን ያነሣ ሰው ተረቱን ያዳክመዋል። ሦስቱንም ትቶ በየዓመቱ «ንጹሕ ሰው» እየፈለገ የሚሾም ግን ያንኑ ኬላ በአዲስ ቀራጭ ያስጠብቃል። አዲሱ ቀራጭ ንጹሕ ሆኖ ይገባ ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን «ልትሻር ነው አሉ» የሚል ወሬ ይሰማል። ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ይሠራል።